የግርጌዋ ሴትና የመድረኳ ሴት

ሰው ራሱን በስልሳ ቃል ቀብሮ ሲልክልኝ ደሜ ይፈላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ በወር አንዴ ተመራማሪ ጋብዤ ለሰፈሩ ሰው አስተዋውቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ እመራለሁ። ሁለቱ ሥራ እምብዛም አይራራቅም። በሁለቱም አንድ የፈራ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ እኔ ስለ እሱ ደህና ደህናውን እናገራለሁ፣ ከዚያ ይጨበጨባል። አክስቴ ለዚህ ነው «ጭብጨባ» ብላ ስም ያወጣችልኝ፤ ስሙም ሰፈሩን አዳርሶ አሁን የመሥሪያ ቤቴ ዘበኛ ሳይቀር በሱ ይጠራኛል።

ተመራማሪዎችን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን «እባክዎ ስለ ራስዎ አጭር መግለጫ ይላኩልን» ብዬ ስጽፍላቸው የሚያደርጉትን አልወድም። ከታተመላቸው ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን፣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈችውን ቆርጠው ይልኩልኛል። እሷን አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብዬ ላነብ ነው! አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የተናጋሪው ኢሜይል ላይ ስደርስ የኋላ ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተነስተው ሄዱ፣ የቀረ አንድ ሰው ደግሞ ተኝቶ ነበርና መሄድ አልቻለም።

የትንኟ ዶክተር የላከችልኝም እንደዚያው ነበር። «ደራሲዋ በዩኒቨርሲቲው በነፍሳት ጥናት ትምህርት ክፍል ረዳት ፕሮፌሰር ናት። የምርምር ትኩረቷ በከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ የሚፈለፈሉ ትንኞች ናቸው። ጽሑፉን በተመለከተ ለሚኖር ጥያቄ ተጠሪዋ እሷ ናት።» ከዚያ ኢሜይሏ። ከዚያ ደግሞ ስለ ገንዘብና ስለ መኖሪያ የሚያወራ ሌላ ጥቃቅን ነገር ነበረበት። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ ያነበበ ሰው ካለ እሱ ይጨርሰው ብዬ ተውኩትና ስልኬን አነሳሁ።

«ዶክተር፣ ይህ የላኩልኝ ለመቃብር ድንጋይ ቢሆን እንኳ ይደርቃል» አልኳት።

«ስሕተት አለው?» አለች። ድምጿ የደነገጠ ሰው ድምፅ ነበር።

«ስሕተትማ የለውም። ችግሩ እሱ ነው።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ገና ወጣት መሆኗን አወቅሁ። ከዚያ ታስረዳኝ ጀመር። የግርጌ ማስታወሻ ሰው ደራሲውን እንዲወደው አይጻፍም አለችኝ። የትኛው ተቋም ውስጥ እንደሚሠራ፣ ጥያቄ ያለው ሰው የት እንደሚያገኘው፣ ገንዘቡን ማን እንደሰጠው፣ ውጤቱን ወዳንድ ወገን ሊያዘነብልበት የሚችል ነገር ካለ እሱን ሁሉ ይናገራል፤ በቃ። «ዝነኛ» የሚል ቃል ቢጨምር አርታኢው ያወጣዋል። ጭራሽ ጽሑፉ ለገምጋሚዎች ሲላክ ማን እንደጻፈው እንዳያውቁ ማስታወሻው ተነጥሎ ለብቻው ነው የሚሄደው፤ ወደ ጽሑፉ የሚመለሰው ለሕትመት ሲያልፍ ነው።

«ማለት ሳያውቁዎት ነው የሚፈርዱብዎት?»

«አዎ። ደስ የሚለው እሱ ነው።»

እኔ ደግሞ ሰው ሳያውቀው የሚሰማው ተናጋሪ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። መድረክ ላይ የሚነበብ ነገር የሚነበበው ለጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው ያለኝ። በዚያች ውስጥ ሰውዬው፣ ድካሙን ይዞ ከሥራ የመጣው ሰውዬ፣ ይቺ ሴት ማን ናት፣ ከሰው ሁሉ ለምን እሷ፣ ለምንስ ዛሬ የሚለውን አውቆ መቀመጥ አለበት። ትምህርት ክፍሉ ምን ይባላል የሚለው ምሽቱን ሙሉ ባይነሳ አንድ ሰው አይከፋውም።

ከዚያ ከልቧ የሆነውን ነገረችኝ።

ከቤተ መጻሕፍቱ አጥር ማዶ ስምንት ሕንፃዎች ያሉበት የመኖሪያ ግቢ አለ። ጣሪያው ሁሉ የውሃ ታንከር ነው። የመጀመሪያውን ዙር ጥናት የሠራችው እዚያ ነበር፣ ጣሪያዎቹ ሳይቆለፉ በማለዳ እየወጣች፤ የታንከሮቹን አፍ በወንፊት መረብ ስትሸፍን የትንኙ ዕጭ ቀነሰ። አሁን ሁለተኛው ዙር አለ፣ ዝናቡ ሳይጀምር መለካት አለባት፣ ዝናቡ ካለፈም በኋላ እንደገና። ለዚህ የስምንቱም ሕንፃ የጣሪያ ቁልፍ ያስፈልጋታል። ነዋሪው ግን ቁልፉን ነፍጓታል። በመሃል የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ሁለተኛ ታንከር ያስቀመጠውን ሁሉ ቀጥተው ሄደዋልና፣ ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ሁሉ ተቆልፏል፣ ለመውጣት የጠየቀ ሰውም ሁሉ ሰላይ ነው።

«ንግግሩን እሺ ያልኩዎት ለዚህ ነው» አለችኝ። «ካልሰጡኝ ጥናቱ እዚህ ላይ ያበቃል። የሁለት ዓመት ሥራዬ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።»

ነገሩ ገባኝ። ከስምንቱ የአንዱ ሕንፃ ተጠሪ አክስቴ ናት፤ የጣሪያውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጇ እንኳ አትሰጥም። የቀሩትን ተጠሪዎች የሚመራው ደግሞ የነዋሪዎች ሰብሳቢው ነው፣ ጡረታ የወጣ ኦዲተር፤ ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ ጋዜጣ የሚያነበው ስሕተቱን በእርሳስ እያሰመረ ነው። እነዚህን ሰዎች በጉንዳን ፊደል ማሸነፍ አይቻልም። «ለኔ ይተዉት» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ረቂቅ ጽፌ ላክሁላት። እውነት ለመናገር ወድጄው ነበር። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ ጠርዙ ሁሉ በማስታወሻ ተሞልቷል።

«በዓለም የታወቀች» ያልኩበት ቦታ ላይ «ምንጭ?» ብላለች። «ትንኝን ድል ያደረገች» ያልኩበት ጎን፣ «የዕጩ ቁጥር የቀነሰው በሠላሳ አንድ በመቶ ነው። ይህ ድል አይባልም፤ ትንኞቹም በዚህ የሚስማሙ አይመስለኝም» ብላለች። «ሌት ተቀን ያለ እንቅልፍ የደከመች» የሚለውን ሰርዛ፣ «ናሙና የሚወሰደው ጠዋት ነው»። «ከልጅነቷ ጀምሮ ነፍሳትን የምትወድ» የሚለው ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክት። «ልጅ ሆኜ ነፍሳት እፈራ ነበር። አሁንም ትልልቆቹን እፈራለሁ።»

ደወልኩላት። «ይቺን የመጨረሻዋን ላስገባት?»

«የትኛዋን?»

«የነፍሳት ዶክተር ሆነው ነፍሳት ይፈራሉ የምትለዋን! ወርቅ እኮ ናት!»

«ከርዕሰ ጉዳዩ ጋር አትገናኝም» አለች።

እዚህ ላይ ተናደድኩና አንቺ አልኳት። «ስሚኝ እህቴ፣ ሰው ከርዕሰ ጉዳይ ጋር ተገናኝቶ ቁልፍ አይሰጥም፤ ከሰው ጋር ነው የሚገናኘው። ስለ ራስሽ አንዲት የሰው ነገር ስጪኝ፣ አንዲት! ይህን ነገር እንዴት ጀመርሽው?»

ትንሽ አመነታች። «እሱ… የግል ነገር ነው። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብ አይደለም። መነሳት ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ ጽፌዋለሁ።»

የት ጻፍሽው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም፤ ሠርግ የሚመራ ሰው ለመናገር እንጂ ለመጠየቅ አልተፈጠረም። በመጨረሻ ተስማማን። ዝነኛው ወጣ፣ ድሉ ወጣ፣ ነፍሳት የምትፈራዋን ግን ለምኜ አስገባኋት። ስሟን እንዴት እንደምታጠብቀውና እንደምታላላው ሁለት ጊዜ አስጠርቻት ያዝኩ፤ የሰው ስም ያበላሸ አስተዋዋቂ ከዚያ በኋላ ምንም ቢል አይሰማም። የጥናቱን ገንዘብ የሰጣት ያው ውሃ ጽሕፈት ቤት መሆኑን ስትነግረኝ ግን፣ «በጭራሽ ከኔ አፍ አይወጣም» አልኳት።

«እንዳይደበቅ ብቻ» አለች። «ንግግሬን ስጨርስ የምስጋናው ገጽ ላይ አለ፣ ድጋፍ የሰጡኝን ሁሉ እጠራለሁ። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«መጨረሻ ላይ ቢሆን ግድ የለም» አልኳት። መጨረሻ ላይ ለመድረስ መጀመሪያው ማለፍ እንዳለበት ግን አላሰብንም።

ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ አዳራሹ ሞላ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አክስቴ የፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ኦዲተሩ ከጎኗ፣ መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ። የሌሎቹም ሕንፃዎች ተጠሪዎች አሉ፤ ፊታቸው የተዘጋ በር ነው። ዶክተሯ ከመድረኩ ጎን ቆማ ወረቀቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ቀጭን ናት፣ ትከሻዋ ላይ ትልቅ ሻንጣ አንግታለች፣ ሻንጣው ውስጥ ጠርሙሶች ይንኳኳሉ።

ማይኩን ያዝኩ። «ትናንት ማታ ትንኝ ያልነከሰው እጁን ያንሳ» አልኩ። ማንም አላነሳም፤ ሳቅ ሆነ። «እንግዲያው ዛሬ የመጣችው እንግዳ የሁላችሁም ናት» አልኩ። ጣሪያቸው ላይ የሚፈለፈለውን ነገር ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እንደሆነች፣ ደግሞ ትልልቅ ነፍሳት ስታይ ወንበር ላይ እንደምትወጣ ነገርኳቸው። አክስቴ እንኳ ሳቀች። ወረቀቱ ላይ ያለው አለቀ፤ የቀረኝ ስሟን ጠርቶ መውረድ ነው።

ብወርድ ምናለ! አዳራሹ ሞቋል፣ ሰው ፈገግ ብሏል፣ ማይኩ እጄ ላይ ነው፣ የሠርግ ደሜ ተነሳ። ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ከአፌ ወጣ። «ማንም ያላዘዛት» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ማንም ያልከፈላት፣ ከማንም መሥሪያ ቤት ጋር ያልወገነች፣ ለእናንተ ብላ ብቻ…» ከዚያ ስሟን። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው።

ዘወር ስል የዶክተሯ ፊት አመድ መስሏል። ማይኩን ስትቀበለኝ «ምን አደረጉኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማስተካከያ አለኝ» ብላ ጀመረች።

«እኔም አለኝ» አለ አንድ ድምፅ። ኦዲተሩ ተነስቷል። መነጽሩን አድርጓል፣ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠግቷል። «ጥሪውን ሳይ ስማቸውን ፈልጌ ያሳተሙትን ጽሑፍ አውርጄ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል። ‹ጥናቱ የተካሄደው በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት የገንዘብ ድጋፍ ነው።›» ስልኩን ዝቅ አድርጎ እኔን አየኝ። «ማንም ያልከፈላት?»

አዳራሹ ተናወጠ፤ አሁን ግን በጭብጨባ አይደለም። «ይኸው! ብለን ነበር!» «ሊያስቀጡን!» «ታንከር ሊቆጥሩ ነው!» ወንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲነሳ ይሰማኛል። አክስቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «አንተ ጭብጨባ!» አለችኝ፣ «እኔን አክስትህን ለውሃ ቤት አሳልፈህ ልትሰጥ?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ደራሽ ውሃ የወሰደው ሰው እንኳ አንድ ነገር ይጨብጣል፤ እኔ የጨበጥኩት ባዶ የማይክ መቆሚያ ነበር። ከሁሉም ያንገበገበኝ እሷ ምንም አለመዋሸቷ ነው። የዋሸሁት እኔ፣ ውሸታም የተባለችው እሷ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እሷ አላለችም! እኔ ነኝ ከኪሴ የጨመርኩት!» ማንም አልሰማኝም።

ዶክተሯ ማይኩን አልለቀቀችም። አልጮኸችምም። ኦዲተሩን ብቻ እያየች፣ «ጌታዬ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡት» አለች። «እባክዎ፣ ጮክ ብለው። ለሁሉም እንዲሰማ እዚህ መጥተው ያንብቡት።»

ኦዲተር ነውና ግማሽ ሰነድ አንብቦ መቀመጥ አይሆንለትም። ወደ መድረኩ ወጣ። ሰዉም በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ጠብ ሳይጨርስ የሚሄድ ሰው የለም። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ያነብ ጀመር፤ ልበል አልበል ብዬ እንጂ፣ ከኔ የተሻለ አነበበው። ለኔ ደረቅ እንጨት የነበረው ጽሑፍ በሱ አፍ ነፍስ ዘራ።

«‹ድጋፍ ሰጪው በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ትንተናም ሆነ ጽሑፉን ለማሳተም በተደረሰው ውሳኔ ምንም ድርሻ አልነበረውም።›»

«ወረቀት ላይማ ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

«ዝም በሉ፣ አልጨረስኩም» አለ ኦዲተሩ። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለኛ አነበበልን። «‹ደራሲዋ ናሙና ከተወሰደባቸው ሕንፃዎች በአንዱ ነዋሪ ናት፤ የምትጠቀምበትም ታንከር በናሙናው ውስጥ ተካቷል።›»

ይህ እኮ ኢሜይሉ ላይ ስደርስ ያቆምኩት ጽሑፍ ነው!

«ነዋሪ?» አለች አክስቴ። «የኛ ግቢ ነዋሪ?»

«አዎ» አለች ዶክተሯ። «ላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጠዋት በማለዳ እወጣለሁ።»

ከመሃል አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ባለ ጠርሙሷ! አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ባዶ ጠርሙስ እየለቀምሽ የምትሸጪ ነበር የመሰለኝ! ሁለቴ ደጅሽ ላይ ጠርሙስ ትቼልሻለሁ!»

«እርስዎ ነበሩ?» አለች ዶክተሯ፣ ፊቷ ሁሉ በርቶ። «እግዜር ይስጥልኝ። አጥቤ ናሙና ወስጄባቸዋለሁ።»

ሰዉ ሳቀ፤ በሩ ጋ የነበሩትም ሳቁ። ኦዲተሩ ብቻ አልሳቀም፣ ስልኩን በጣቱ እየገፋ ወደ ታች ወርዷል። «እዚህ ከመረቡ በፊት የተቆጠረው ዕጭ ሠንጠረዥ አለ» አለ። «ሕንፃዎቹ በፊደል ነው የተጻፉት። የርስዎ የትኛው ነው?»

አሁን ነው የተሽኮረመመችው። «የሌሎቹን መናገር አልችልም፣ ነዋሪዎቹን በምስጢር እይዛለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የራሴን ግን… የራሴ ‹መ› ናት።»

ኦዲተሩ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ጊዜ ወሰደ። «‹መ›» አለ፣ «ከስምንቱ ሁሉ ብዙ ዕጭ የተገኘበት ነው። የሚቀጥለው በእጥፍ ያንሳል።»

እንደዚያ ያለ ሳቅ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። አክስቴ ቦርሳዋን ለቀቀችው፣ ዕንባዋን በሻርፕዋ ጠረገች። «አንቺ ልጅ፣ የትንኝ ዶክተር ሆነሽ? የራስሽን ታንከር ክፍት ትተሽ?»

«ክዳኑ ተሰብሮ ነው እማማ። ለአከራዬ ስንት ጊዜ ነገርኩት…»

ዓረፍተ ነገሩን እንድትጨርስ አልፈቀዱላትም። እዚያ ቤት ውስጥ አከራይ ያልበደለው ሰው አልነበረም። «አይሰሙም!» «የኔው ቧንቧ እስካሁን ያፈሳል!» «ኪራይ ሲጨምሩ ግን ጆሯቸው ደህና ነው!» በሩ ጋ የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ። እሷም በዚያ ግርግር መሃል፣ ያቺን እኔ ለምኜ ያጣኋትን ነገር፣ እንደ ዋዛ ተናገረቻት። ያንን ቤት በተከራየች ሰሞን ትንኝ እንቅልፍ ነሳት። መስኮቱን ዘጋች፣ ምንም የለም። ቢቸግራት ጣሪያ ላይ ወጥታ የታንከሩን አፍ ብታይ ውሃው ይንቀሳቀሳል። ጥናቱን የጀመረችው ከዚያ ነው፣ ተነክሳ።

አላስቻለኝም፣ ከጎን ሆኜ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ጽፌልዎት ነበር እኮ» አለች። «ደግሞ የጥርጣሬ ነገር ነው። ራሷን የጨመረችበት ጥናት ነው ብሎ አንባቢው እንዲጠነቀቅ ነው የሚጻፈው። መኩሪያ አይደለም።»

ኦዲተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ይቺ ሴት እስካሁን በትክክል አልተዋወቀችም» አለ። «መድረክ መሪው ይውጣና እንደገና ያስተዋውቃት። ውሸቱን አውጥቶ።»

ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል፣ አክስቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ ታየኛለች። መጀመሪያ፣ «ማንም አልከፈላትም ያልኩት ውሸት ነው፣ እኔ የጨመርኩት ነው፣ ይቅርታ» አልኩ። «የከፈላት ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ውጤቱ ላይ ግን እጁን አላስገባም፤ ይህን ራሷ ጽፋ ፈርማበታለች። የምትኖረው እዚሁ ግቢ ነው። ከታንከራችሁ ሁሉ የባሰው የሷ ነው።» ከዚያ ስሟን ጠራሁ፣ የሚላላውን አላልቼ፣ የሚጠብቀውን አጥብቄ። አንዲት «ዝነኛ» የለችበትም። ጭብጨባው ግን ከፊተኛው ይልቅ ቆየ።

ንግግሯን በሙሉ አልተርክም፤ መረቡን እንዴት እንደሚያስሩት አሳየቻቸው፣ በጠርሙስ ያመጣችውን ዕጭ አዙራ አስጎበኘቻቸው፣ አክስቴ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስታ፣ «ይህንን ነው ፊቴን የምታጠብበት?» ብላ ሦስቴ ጠየቀች። መጨረሻው ላይ የምስጋናው ገጽ መጣ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱም ስም እላዩ ላይ ነበር። ማንም አላጉረመረመም። ኦዲተሩ ብቻ፣ የሚያውቀውን ሰነድ እንዳገኘ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሰዉ ሲበተን መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛው የሄደችው አክስቴ ናት። ቦርሳዋን ከፍታ ብዙ ፈለገች፤ መሀረብ፣ የመነጽር ቤት፣ ከረሜላ አወጣች፣ ከዚያ ቁልፉን። «ስትወጪ ደረጃው መጨረሻ ላይ አንድ ሰሌዳ ላልቷል፣ ተጠንቀቂ» አለቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ ብቻ «ከሚስቴ ሳልማከር አልሰጥም» አለ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ሚስቱ ራሷ ቁልፉን ይዛ መጣች፣ ባሏን እየወቀሰች።

ኦዲተሩ የመጨረሻው ነበር። ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤ እሱ ያለ ደረሰኝ የውሃ ጠብታም አያስረክብም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የሷን ስም ጻፈ፣ ከሥሩ መስመር አሰመረና እስክሪብቶውን አነሳ።

«ተረካቢዋን ምን ብዬ ልግለጽ?» አለ። «ረዳት ፕሮፌሰር? ተመራማሪ?»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። የሚያምር ነገር መጥቶልኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች፣ ጠርሙሶቹ እየተንኳኩ፣ አሰብ አደረገችና መለሰችለት።

«‹የግቢው ነዋሪ› ይበሉ።»

ኦዲተሩ ጻፈው። በእርሳስ ሊያሰምርበት የሚገባ ነገር ካለ ብሎ ደግሞ አየው፤ ምንም አላገኘም። ቁልፉን እጇ ላይ አኖረላት። አክስቴ በክርኗ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። «አንተ» አለችኝ፣ «አሁን ነው የሚጨበጨበው።» እኔም አጨበጨብኩ፣ ብቻዬን፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ።